47 ሜትር ኩብ ውሃ በየትኛው ዋጋ ይታሰብ? ስለ ድብቅ የቧንቧ ብክነትና ስለ ጥር ወር ቢል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለውሃ አገልግሎቱ የደንበኞችና የሒሳብ ክፍል
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ከቆጣሪ በኋላ የተቀበረ ቧንቧ በማፍሰሱ የመጣ የጥር ወር ሒሳብ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ከአዘዞ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። የወር ፍጆታቸው ከ11 እስከ 13 ሜትር ኩብ ነው። የጥር ወር ቢላቸው ግን 59 ሜትር ኩብ ይላል። እኛ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በከተማው የቧንቧ ዝርጋታና ጥገና ሥራ የተሰማራን ሙያተኞች ነን፤ የግቢውን መስመር የፈተሽነውም የጠገንነውም እኛው ነን። ነዋሪዎቹ ቅሬታ ይዘው ሲመጡ የተሰጣቸው መልስ «ከቆጣሪ በኋላ ያለው መስመር የደንበኛው ነው፣ መጀመሪያ ይከፈል» የሚል ነበር።

በመልሱ የመጀመሪያ ግማሽ አንከራከርም። ቧንቧው የእነሱ ነው፣ ውሃውም በቆጣሪው አልፏል፣ ቆጣሪውም ልክ ነው። የምንከራከረው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ያ ውሃ በየትኛው ወር እንደተቆጠረና በየትኛው የታሪፍ እርከን እንደታሰበ። ደብዳቤውን በግልጽ ያደረግነውም ተመሳሳይ ቢል የደረሳቸው ሌሎች ግቢዎች የራሳቸውን እንዲያጣሩበት ብለን ነው።

ከንባቡ እንጀምር። በኅዳር መጨረሻ ቆጣሪው የተነበበው 1,428 ላይ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ አንባቢው ሲመጣ የግቢው በር ተዘግቶ ስለነበር በግምት 12 ሜትር ኩብ ተጻፈና መዝገቡ 1,440 ሆነ። በጥር መጨረሻ ቆጣሪው በትክክል ሲነበብ 1,499 ተገኘ። ከ1,499 ላይ 1,440 ሲቀነስ 59 ይቀራል፤ ቢሉ ላይ ያለው ቁጥር ይህ ነው። ነገር ግን 1,440 ማንም በዓይኑ ያላየው ቁጥር ነው። በዓይን የታዩት ሁለት ንባቦች የኅዳሩና የጥሩ ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 71 ሜትር ኩብ ሲሆን ጊዜው ሁለት ወር ነው። ግቢው እንደ ወትሮው ቢጠቀም በሁለት ወር 24 ያህል ይደርስ ነበር። የተረፈው 47 ሜትር ኩብ ነው፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን ቢለካ 2,350 ጀሪካን ማለት ነው።

መስኮት ላይ «ጥር ነው፣ የጥምቀት እንግዳ በዝቶባችሁ ይሆናል» ተብሏል። ጎንደር ላይ በጥር እንግዳ የማይበዛበት ቤት እንደሌለ እናውቃለን፤ ስለዚህ ግምቱን በቁጥር እናየው። አሥር እንግዳ ለአምስት ቀን ቢያድርና እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ግቢ ይህ ብዙ ነው፣ ድምሩ 2.5 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። አርባ ሰባቱን እንግዳ አልጨረሰውም።

ወደ ቧንቧው እንሂድ። የግቢው መስመር ባለ 3/4 ኢንች የብረት ቧንቧ ነው፤ ከቆጣሪው ተነሥቶ ወደ ሮቶው ሲሄድ መንገድ ላይ ለግቢው ቧንቧ አንድ ቅርንጫፍ ይሰጣል። የተቀበረው በዋልካ አፈር ውስጥ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። አፈሩ በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ቧንቧውን ይዞት ይንቀሳቀሳል። ቧንቧው በአንድ በኩል በሲሚንቶ መተላለፊያ ሥር ተይዞ በሌላ በኩል ነጻ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ ሁሉ መታጠፊያው ላይ፣ ማለትም ጎሚቶው ላይ ያርፋል። ጎሚቶ የሚገጠምበት ጥርስ ሲወጣ ደግሞ የቧንቧው ግድግዳ ይሳሳል፣ ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስም አብሮ ይፋቃል። በፈረቃ ከተማ መስመሩ አንድ ቀን ውሃ ሌላ ቀን አየር ስለሚሞላ ዝገቱ ከውስጥም ይፈጥናል። በዚህ ግቢ የተበሳውም እዚያው፣ ጎሚቶው ውስጥ በገባው የመጨረሻ ጥርስ ሥር ነው። ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

«ይህን ያህል ውሃ ፈስሶ መሬቱ እንዴት አልራሰም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ቀይ አፈር ቢሆን ኖሮ በሁለት ፈረቃ ውስጥ ጭቃ ይታይ ነበር። የተሰነጠቀ ዋልካ ግን ውሃውን ወደ ላይ አያወጣውም፤ በስንጥቁ ወደ ታች ይውጠዋል። ከዚያም በላይ በሲሚንቶው መተላለፊያ ሥር የተነጠፈ ጠጠር አለ፤ ውሃው ያን ተከትሎ ሄዶ መንገድ ዳር ባለው የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ገብቷል። ከላይ የታየው ብቸኛ ምልክት በመውረጃው ግድግዳ ላይ በጥር ወር ለምልሞ የቆመ ሣር ነበር። ያንን ደግሞ ከግቢው ውጭ ስለሆነ ማንም ከቢል ጋር አያያይዘውም።

አሁን ፍተሻውን እንዳደረግነው እንጻፈው፤ ማንኛውም ግቢ ሊደግመው ይችላል። የሚፈተሸው ውሃ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው፤ ግፊት በሌለበት መስመር ላይ ቀዳዳም አያፈስ፣ ቆጣሪም አይዞር። በፈረቃው የመጀመሪያ ሰዓት ግን አይፈተሽም፤ መስመሩ ውስጥ ታፍኖ የቆየው አየር እየወጣ ስለሆነ ቆጣሪው በአየርም ይዞራል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ የግቢው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋል፣ ወደ ሮቶ የሚያስገባው ቫልቭም ይዘጋል። በዚህ ግቢ ወጥ ቤቱም ሽንት ቤቱም ውሃ የሚያገኙት ከሮቶ ስለሆነ የሮቶው መግቢያ ሲዘጋ የሽንት ቤት ፍላሽ ቢያፈስ እንኳ ቆጣሪው ላይ አይታይም። የሮቶውን ክዳን ከፍቶ ማየት ግን ያስፈልጋል፤ ውሃው ልክ ሲደርስ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ከተበላሸ ትርፉ በማፍሰሻው ሌሊት ሲወርድ ያድርና የድብቅ ብክነት ይመስላል። የዚህ ግቢ ኳስ ደህና ነበር።

ሁሉም ከተዘጋ በኋላ ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ መሰል መንኮራኩር ማየት ነው። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፣ ቢል የሚሠራውም በእነሱ ነው፤ ቀዮቹ የሜትር ኩብ ክፋይ ናቸው፣ ሊትር የሚታየው በእነሱ ነው። የካቲት 6 ቀን፣ ሁሉ ነገር ተዘግቶ፣ ኮከቧ ሳታቋርጥ ትዞር ነበር። ፍተሻው ሲጀመር ንባቡ 1,504.870 ነበር፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ 1,505.060 ሆነ። በግማሽ ሰዓት 190 ሊትር፣ በሰዓት 380 ሊትር ማለት ነው።

ቀጥሎ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ቫልቭ ሲዘጋ ኮከቧ ቆመች። ይህ ቆጣሪው በራሱ እንደማይዞር፣ ውሃው የሚወጣውም ከቫልቩ ወዲህ ባለው መስመር ላይ እንደሆነ ያሳያል። (ያረጀ ቫልቭ ብዙ ጊዜ አጥብቆ አይዘጋም፤ እንዲህ ከሆነ ዩኒየን የሚባለውን የሚፈታ መጋጠሚያ ፈትቶ መስመሩን ታፕ በሚባለው መክደኛ መድፈን ነው እንጂ ኮከቧ አልቆመችም ተብሎ በቆጣሪው ላይ አይፈረድም።) ቅርንጫፉ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ፈትተን የሮቶውንም የግቢውን ቧንቧም ክንድ ስንደፍን መዞሩ ቀጠለ፤ ስለዚህ ቀዳዳው በቆጣሪውና በቅርንጫፉ መካከል ባለው 9 ሜትር ላይ ነበር። ባለ 8 ቁጥር ብረት ቧንቧው ላይ አስደግፈን በጆሮ ስናዳምጥ ፉጨቱ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ጎላ። ቀዳዳው እዚያው 35 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘ።

ይህ የቀዳዳ መጠን ከጠፋው ውሃ ጋር ይመጣጠናል ወይ? በ3 ባር ግፊት ባለ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሰዓት 40 ሊትር ያህል ያወጣል። የቀዳዳው ዲያሜትር ሲጨምር ውሃው በዲያሜትሩ ካሬ ይጨምራል፤ ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር ወደ 165 ሊትር፣ 3 ሚሊ ሜትር ወደ 370 ሊትር ያወጣል። በቆጣሪው የለካነው 380 ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዳገታማ ከተማ ላይ ነንና በየ10 ሜትር ቁልቁለት ግፊቱ በ1 ባር ገደማ እንደሚጨምር ማስታወስም ይጠቅማል፤ ከፍታ ላይ ባለ ሰፈር ያው ቀዳዳ ከዚህ ያነሰ ያወጣ ነበር።

ያ ግቢ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአማካይ 8 ሰዓት ያህል ነው። በ60 ቀን ውስጥ 17 ፈረቃ፣ ማለትም 136 ሰዓት ይሆናል። 136 ሰዓት በ380 ሊትር ሲባዛ 52 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከንባቡ ያገኘነው ትርፍ 47 ነው። የአምስቱ ልዩነት ስሌቱን አያፈርስም፤ ዝገት የበሳው ቀዳዳ ጠባብ ሆኖ ጀምሮ እየሰፋ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ የወጣው ውሃ ከመጨረሻው ያነሰ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ይልቁንም ይህ ስሌት የሚያሳየው ቧንቧው ማፍሰስ የጀመረው በጥር ሳይሆን በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መግቢያ ላይ እንደሆነ ነው። በጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ በ68 ሰዓት ውስጥ 26 ሜትር ኩብ እንጂ 47 ሊወጣ አይችልም። ብክነቱ የሁለት ወር ሆኖ ሳለ ቢሉ የአንድ ወር አድርጎታል።

የተበላሸው ክፍል በዚያው ቀን ወጥቶ በባለ 25 ሚሊ ሜትር ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ተተክቷል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከሥሩም ከላዩም 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ለብሶ፣ ዋልካው ሲንቀሳቀስ አብሮ እንዲለመጥ ያለ ጎሚቶ በእርጋታ ታጥፎ። ከጥገናው በኋላ ሁሉ ተዘግቶ ኮከቧ ለ30 ደቂቃ አልተነቃነቀችም። ቆጣሪው ላይ የቀረው ንባብ 1,505.1 ነበር፤ በየካቲት 30 ደግሞ 1,514.8 ሆኗል። በ24 ቀን 9.7 ሜትር ኩብ፣ ወደ 30 ቀን ሲመታ 12.1 ነው። ግቢው ወደ ቀድሞው ፍጆታ ተመልሷል።

ይህ የመጨረሻ ቁጥር ሌላ ክርክርም ይዘጋል። ሕዝቡ ቢል ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያነሳው «ቆጣሪው አየር ቆጥሮ ነው» የሚለውን ነው። በፈረቃ መስመር ላይ አየር ቆጣሪ እንደሚያዞር እውነት ነው፤ ነገር ግን በየካቲትም ፈረቃው ያው፣ አየሩም ያው፣ ቆጣሪውም ያው ሆኖ የተቀየረው ጎሚቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ቆጣሪ እንዲመረመር አይጠይቁም። (መመርመር ለሚፈልግ፦ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በዝግታ ሞልቶ ቀዩ ቁጥር ስንት እንደሄደ ማየት ነው። መቶውን ሊትር ከ95 እስከ 105 ካነበበ ቆጣሪው ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።)

አሁን ወደ ዋጋው። የውሃ ታሪፍ በእርከን ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በዝቅተኛ ዋጋ፣ ብዙ የሚጠቀም በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል። ሐሳቡ ውሃ የሚያባክነውን እንዲቆጥብ ለማድረግ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከመሬት በታች የሚፈሰውን የማያውቅ ሰው በዋጋ ሊቆጥብ አይችልም፤ በማያየው ቧንቧ ላይ እጁን የሚያሳርፍበት መንገድ የለውም። በዚህ ላይ የታኅሣሡ ግምት ውሃውን ከአንዱ ወር ወደ ሌላው አሸጋግሮ ከፍተኛው እርከን ውስጥ አስገብቶታል።

ልዩነቱ እንዲታይ ለማሳያ ብቻ የሚሆን እርከን እንውሰድ፤ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ታሪፍ በቦታው አስገብቶ ሊያሰላው ይችላል። የመጀመሪያው 10 ሜትር ኩብ እያንዳንዱ 1 እጅ ዋጋ ይኑረው፣ ቀጣዩ 20 ሜትር ኩብ 2 እጅ፣ ከ30 በላይ ያለው 3 እጅ ይሁን። አሁን በተሠራው መንገድ የታኅሣሥ 12 ሜትር ኩብ 14 እጅ ያስከፍላል፤ የጥር 59 ደግሞ 10፣ 40 እና 87 ተደምሮ 137 እጅ ይሆናል። ድምሩ 151 ነው። ያው 71 ሜትር ኩብ ለሁለቱ ወራት እኩል ቢካፈል በየወሩ 35.5 ይሆንና እያንዳንዱ ወር 66.5 እጅ፣ ሁለቱ 133 እጅ ይሆናሉ። ግምቱ ብቻ በደንበኛው ላይ 18 እጅ ጨምሯል ማለት ነው፤ አንዲት ጠብታ ሳትጨምር።

ሦስተኛው መንገድ የምንጠይቀው ነው። ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው በተለመደው 12 ሜትር ኩብ ይታሰቡ፣ 28 እጅ ይሆናል። የባከነው 47 ሜትር ኩብ ደግሞ እርከን ሳይወጣ በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰብ፣ 47 እጅ ይሆናል። ድምሩ 75 ነው፤ የ151 ግማሽ ያህል ይሆናል። ደንበኛው የባከነውን ውሃ ይከፍላል፣ ነጻ የሚሰጠው ነገር የለም። መሥሪያ ቤቱም ላቀረበው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ያገኛል። የሚነሣለት የቅጣት ያህል የሆነው የከፍተኛ እርከን ጭማሪ ብቻ ነው። በሌሎች አገሮች ብዙ የውሃ ድርጅቶች ከቆጣሪ በኋላ በድብቅ ለባከነ ውሃ የሚሠሩበት አሠራር በዚህ ዓይነት ነው፤ የጥገና ማስረጃ ይቀበላሉ፣ ያለፉትን ወራት አማካይ ያወጣሉ፣ ትርፉን በዝቅተኛ ዋጋ ያስባሉ።

እንዲህ ያለ አሠራር ልክ ካልተበጀለት እንደሚበላሽም እናውቃለን፤ ሥራው ላይ ስላለን ማን እንዴት እንደሚጠቀምበትም እንገምታለን። ስለዚህ ማስተካከያው የሚገባው ከመሬት ወይም ከግድግዳ ውስጥ ለተቀበረ ቧንቧ ብቻ መሆን አለበት። ከሮቶ የሚተርፍ ውሃ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የማይዘጋ የሽንት ቤት ፍላሽ በዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ አይካተት። ደንበኛው ቢሉ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ጠግኖ ማሳየት አለበት፤ እያወቀ ያስረዘመውን ውሃ በሙሉ ዋጋ ይክፈል። አንድ ቆጣሪ በሁለት ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይስተካከልለት፤ ሁለተኛ ጊዜ የተበሳ የብረት መስመር በሙሉ መቀየር ያለበት እንጂ ቁራጭ በቁራጭ የሚጠገን አይደለም።

ከቢሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ንባቡ ነው። አንባቢው በር ላይ ሲቆም ያለፈው ወር ቁጥር በእጁ ነው። አዲሱን ሲጽፍ ልዩነቱ ከአማካዩ እጥፍ በላይ ከሆነ እዚያው አንድ ደቂቃ ቆሞ ኮከቧን ቢያይና «ቤት ውስጥ ውሃ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰው ከሌለም በር ሥር ወረቀት ቢያስገባ፣ ደንበኛው ቢል እስኪደርሰው አይጠብቅም። በር ተዘግቶ ሲያገኝም ግምት ከመጻፍ በፊት ነዋሪው የቆጣሪውን ፊት በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ አንድ ቁጥር ቢተውለት የታኅሣሡ ዓይነት ክፍተት አይፈጠርም። በታኅሣሥ መጨረሻ ትክክለኛ ንባብ ቢወሰድ ኖሮ 12 ሳይሆን 33 ገደማ ይገኝ ነበርና ብክነቱ በግማሹ ላይ ይቆም ነበር። ግምት መጻፍ ካልቀረም፣ ተከትሎ በሚመጣው ትክክለኛ ንባብ የተገኘው ፍጆታ ሁልጊዜ በወሮቹ ቁጥር ይካፈል። ይህ የትም የማይጻፍ ውለታ ሳይሆን ሒሳቡ ራሱ የሚጠይቀው ነው።

መሥሪያ ቤቱ ይህን ለራሱ ሲልም ቢያደርገው የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው በፈረቃ በሚጠጣበት ጊዜ የባከነው 47 ሜትር ኩብ የአንድ ሰፈር ሰው ተራ ነው። ከዚያም የከፋው የጤናው ነገር ነው። የተበሳ ቧንቧ ግፊት ሲኖር ያስወጣል፤ ፈረቃው ሲያበቃና መስመሩ ሲወርድ ግን ይስባል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጭቃ ውሃ፣ አጠገቡ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለም የእሱ ስርገት፣ ወደ ቧንቧው ይገባል፤ በሚቀጥለው ፈረቃ መጀመሪያ ተገፍቶ ወደ ሮቶ ይደርሳል። ከቆጣሪው በኋላ ወደ ኋላ የማይመልስ ቼክ ቫልቭ ከሌለ ደግሞ ወደ መንገዱ ዋና መስመር፣ ከዚያም ወደ ጎረቤት ሊሄድ ይችላል። በዚህ ግቢ ቼክ ቫልቭ አልነበረም፤ በጥገናው ጊዜ ተገጥሟል። ሮቶውም ባዶ ተደርጎ ታጥቦ በበረኪና ተጠርጓል። ለተመሳሳይ ጉዳይ የሚጠሩን ግቢዎች ከጥገና በኋላ የመጀመሪያውን ፈረቃ ውሃ ወደ ሮቶ ሳያስገቡ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያፈሱት የምንነግራቸው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ግቢ የምንጠይቀው ይህ ነው። የታኅሣሥና የጥር ሒሳብ ተሰርዞ 71 ሜትር ኩብ በሁለት ወር ላይ ይሰላ፤ ከእሱም 24ቱ በመደበኛ እርከን፣ 47ቱ በዝቅተኛው እርከን ዋጋ ይታሰብ። ከየካቲት ፍጆታ ውስጥ ከጥገናው በፊት በአንድ ሙሉ ፈረቃና በፍተሻው ሰዓት የወጣው 3.7 ሜትር ኩብ ገደማ በዚሁ መንገድ ይስተናገድ። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ነዋሪዎቹ በየወሩ የ12 ሜትር ኩብ ሒሳብ ይክፈሉ፣ ቆጣሪውም አይቆረጥባቸው፤ ልዩነቱም ሲወሰን በሦስት ወር ተከፋፍሎ ይከፈል። ተቆርጦ መልሶ ለማስቀጠል የሚከፈለው ገንዘብ ቅሬታው ትክክል ሆኖ ቢገኝም ስለማይመለስ ይህንን በጽሑፍ እንድታረጋግጡላቸው እንጠይቃለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአካል የቀረቡት ማስረጃዎች፦ የቆጣሪው ፎቶ በፍተሻው መጀመሪያና መጨረሻ፣ ከጥገናው በኋላና በየካቲት 30 የተነሣ፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ የተነሣ ፎቶ፤ የፕላስቲክ ቧንቧው፣ የመጋጠሚያዎቹና የቼክ ቫልቩ መግዣ ደረሰኝ፤ የአለፉት አሥራ ሁለት ወራት ቢሎች ቅጂ። ተቆርጦ የወጣው ጎሚቶ ከነቀዳዳው ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለሙያ ልካችሁ ማየት ስትፈልጉ ከፈረቃ ቀን አንዱን ብትመርጡ ቆጣሪውንም አብራችሁ ትፈትሻላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
በጎንደር ከተማ የቧንቧ ዝርጋታና ጥገና ሙያተኞች፣
ከግቢው ነዋሪዎች ጋር በመሆን
መጋቢት